«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?

ጅቡ ግቢ ገብቶ ሲዞር ውሻው ድምፁን አጥፍቶ ተኝቷል። ጅቡ ሲርቅ ግን ሰፈሩን በጩኸት ያውካል። ተረቱ የሚነካው ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚንጫጫን ሰው ነው።

እንግሊዞች «ፈረሱ ካመለጠ በኋላ የጋጣውን በር መዝጋት» ይላሉ። መዘግየትን ሁለቱም ይነቅፋሉ። ሌባ ከገባ በኋላ ቁልፍ ለሚቀይር ሰው ሁለቱም ይሆናሉ።

የእኛው ግን ፍርሃትም አለበት፤ ትርጉም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ይሄ ነው። አለቃው ሲቆጣ አንገቱን ደፍቶ፣ አለቃው ሲወጣ «ልክ ላስገባው ነበር» የሚል ሰው አለ አይደል? ለእሱ የፈረሱ አባባል አይሰራም። በር የዘጋ ሰው ቢያንስ አንድ ነገር አድርጓል። ይሄኛው የጮኸው አደጋው መራቁን አይቶ ነው። እዚህ ላይ የውሻውን ተረት ቃል በቃል ተርጉሞ ማስረዳት ይሻላል።