ጊት ባይሴክት ምንድን ነው?

ይሠራ የነበረ ፕሮግራም ሲበላሽ፣ ያበላሸውን ኮሚት ታሪኩን ለሁለት እየከፈለ ፈልጎ የሚያገኝ የጊት ትእዛዝ ነው። አንድ ደህና የነበረ የቆየ ኮሚትና አንድ የተበላሸ ኮሚት ትነግረዋለህ። መሀል ላይ ያለውን ያወጣልሃል፤ ሞክረህ ደህና ነው ወይም ተበላሽቷል ስትለው ግማሹን ይጥላል። በመካከል 200 ኮሚት ቢኖር በ8 ሙከራ ያልቃል፤ 400 ቢሆን የሚጨምረው አንድ ሙከራ ብቻ ነው።

ካዛንቺስ ያለ አንድ ቢሮ የደመወዝ ፕሮግራም ይሠራል እንበል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ክፍያ ልትመዘግብ ስትል ፕሮግራሙ «ልክ ያልሆነ ቀን» አላት። ጳጉሜን 6 በአራት ዓመት አንዴ ነው የምትመጣው፤ ስለዚህ ስህተቱ ከገባ ብዙ ወራት አልፈው ማንም ላያየው ይችላል። ባይሴክት ዋጋ የሚኖረው እዚህ ነው፤ በቅርብ የተነካውን ኮድ ጠርጥሮ መቆፈር አያደርስም።

መጀመሪያ የቆየው እትም `v1.4` ደህና ነበር የሚለውን በወሬ አትመን፤ ወደ እሱ ተመልሰህ ሞክረው። ከዚያ ፈተናውን በስክሪፕት ጻፍ። ጊት በየሙከራው ፋይሎቹን ስለሚቀያይር ስክሪፕቱን ከፕሮጀክቱ ውጭ አስቀምጠው፦

```
#!/bin/sh
make || exit 125
./qen 2015-13-06 | grep -q 2023-09-11
```

እዚህ `qen` የኢትዮጵያን ቀን ወደ ጎርጎርዮሳዊ የሚቀይረው የፕሮግራሙ ክፍል ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015 በጎርጎርዮሳዊው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። ስክሪፕቱ 0 ከመለሰ ኮሚቱ ደህና ነው፣ 1 ከመለሰ ተበላሽቷል። 125 ግን «ይህን መፈተን አልተቻለም፣ እለፈው» ማለት ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። በታሪኩ መሀል በሌላ ምክንያት ጭራሽ የማይገነባ ኮሚት ይኖራል። ያ ኮሚት «ተበላሽቷል» ተብሎ ከተቆጠረ ፍለጋው ወደተሳሳተው ግማሽ ይዞራል፤ መጨረሻ ላይም ምንም ያላጠፋ ኮሚት በሙሉ እርግጠኝነት ይጠቁምሃል።

```
git bisect start HEAD v1.4
git bisect run sh /tmp/pagume.sh
```

በዚህ ምሳሌ የሚገኘው «ኮድ ማጽዳት» የሚል ርዕስ ያለው ኮሚት ነው። ስድስተኛዋን ጳጉሜን የሚፈቅደው `year % 4 == 3` ውስጥ 3 ወደ 0 ተቀይሯል፤ 2015 ለ4 ሲካፈል ቀሪው 3 ስለሆነ ቀኑ ውድቅ ሆነ። ውጤቱን ለማረጋገጥ በ`git bisect reset` ወደነበርክበት ተመለስና ያንን ኮሚት ብቻ በ`git revert` ሻር። ፈተናው ካለፈ ጥፋተኛው እሱ ነው። ካላለፈ ወይ በየመሀሉ የተሰጠ አንድ መልስ ስህተት ነበር፣ ወይ ከዚያ ወዲህ ሌላ ኮሚት ያንኑ ቦታ ነክቷል።

አንዴ የሚያልፍ አንዴ የሚወድቅ ፈተና ሲሆን አንድ ጊዜ ማለፉ ደህንነትን አያሳይም። ስክሪፕቱ ያንኑ ኮሚት ደጋግሞ ይሞክር፤ አንዴ እንኳ ከወደቀ «ተበላሽቷል» ይበል።