የሰሜን ሸዋ የሕዝብ ቁጥር፦ ከየት መጣ? እንዴትስ ይነበባል?

የሰሜን ሸዋ ዞን ሕዝብ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ዓይነት መልስ ያገኛል። አንዱ ሰነድ 1.8 ሚሊዮን ይላል። ሌላው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያደርሰዋል። ሦስተኛው ወደ 3 ሚሊዮን ይጠጋል። የሚገርመው ግን የሁሉም ምንጭ አንድ መሆኑ ነው። ግንቦት 21 ቀን 1999 ዓ.ም. የተካሄደው ሦስተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። አራተኛው በ2010 እንዲካሄድ ታቅዶ ነበር። ተራዘመ፣ እንደገናም ተራዘመ። ስለዚህ ዛሬ የምናየው ቁጥር ሁሉ ከ1999 ተነሥቶ በስሌት የተገፋ ነው።

ወደ ቁጥሩ ከመግባታችን በፊት ግን ስሙን እናጥራ። ሰሜን ሸዋ የሚባሉ ሁለት ዞኖች አሉ። አንዱ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን የሆነው የአማራ ክልል ዞን ነው። ሌላው ዋና ከተማው ፍቼ የሆነው የኦሮሚያ ክልል ዞን ነው። በ1999 ቆጠራ የመጀመሪያው 1,837,490 ሰው ነበረው። ሁለተኛው 1,431,305። ከኢንተርኔት የወረደ ሠንጠረዥ ላይ ሁለቱም «ሰሜን ሸዋ» ተብለው ይቀመጣሉ። የዞኑን ስም ብቻ ይዞ ሁለት ፋይል የሚያገናኝ ሰው ሁለቱን ይደባልቃቸዋል። መለያው የክልሉ ኮድ ነው። አማራ 03፣ ኦሮሚያ 04። ከዚህ በታች ሰሜን ሸዋ ስንል የደብረ ብርሃኑን ማለታችን ነው።

የመጀመሪያው ቆጠራ ግንቦት 1 ቀን 1976 ተካሄደ። ያኔ ሁሉም ነገር በሸዋ ክፍለ ሀገር ሥር ስለነበር የዛሬውን ዞን ለብቻው የሚያሳይ ቁጥር የለውም።

ሁለተኛው ጥቅምት 1 ቀን 1987 ነበር። ዞኑ 1,560,916 ሕዝብ ተቆጠረለት። ከዚህ ውስጥ 147,987 የከተማ ነዋሪ ነበር። በ1999 ደግሞ ከ1,837,490ው 214,227 የከተማ ነዋሪ ሆነ። ደብረ ብርሃን ብቻዋን ከ38,717 ወደ 65,231 አደገች። በዓመት 4 በመቶ ያህል ማለት ነው። 

ቆጠራው እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ካርታ ይነሣል። ቀበሌው በቆጠራ ቦታ ይከፋፈላል። በገጠር አንድ የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ ይይዛል። ለአንድ ቆጣሪ የሚበቃ እንዲሆን ተብሎ ነው። ከቆጣሪዎቹ ብዙዎቹ መምህራን ነበሩ። መጠይቁ ሁለት ዓይነት ነው። አጭሩ ለሁሉም ይሞላል፤ ረጅሙ ለአንድ አምስተኛው ያህል ቤተሰብ ብቻ። ስለዚህ ጾታና ዕድሜ ከሁሉም ሰው የተሰበሰበ ነው። ስለ ወሊድና ስለ ፍልሰት የሚወጣው ቁጥር ግን ከናሙና የመጣ ነው። ለዞን ይበቃል። ወደ ወረዳ ሲወርድ ግን እየሳሳ ይሄዳል።

መሬቱም የራሱ ጣጣ አለው። ከጣርማበር ጫፍ ቁልቁል ወደ ይፋት ቆላ የሚወርደው ገደል፣ በመንዝ አምባዎች መካከል ያሉት ሸለቆዎች፣ ወደ ጀማ ወንዝ የሚያዘግሙት ቁልቁለቶች ቀላል አይደሉም። ቆጣሪው ሁሉንም በእግሩ ነው የሚያዳርሰው። ካርታ ሲነሣ ከአምባው ማዶ ያለ አንድ ጎጥ ከተዘለለ ቆጣሪውም ይዘለዋል። ማንም ሆን ብሎ አላጠፋም፤ ጎጡ ግን በቁጥር ውስጥ የለም። ያንን አገር በእግራቸው ላዳረሱት መምህራን ክብር ይገባቸዋል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንምጣ። የ1999 ውጤት ሲወጣ የአማራ ክልል ሕዝብ 17.2 ሚሊዮን ሆነ። ቀደም ሲል ከተተነበየው ከ2 ሚሊዮን በላይ ያንሳል። ጉዳዩ ፓርላማ ላይ ጥያቄ አስነሥቷል። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል የአገሪቱ ሕዝብ በዓመት 2.6 በመቶ፣ የክልሉ ደግሞ 1.7 በመቶ አደገ ተባለ። ሰሜን ሸዋን ለብቻው ስናሰላው ከክልሉም ያንሳል።

ስሌቱን እንሥራው። 1,837,490ን ለ1,560,916 ስናካፍል 1.177 ይሆናል። ይህ ዕድገት በስንት ዓመት የመጣ ነው? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። በእኛ አቆጣጠር ከ1987 እስከ 1999 12 ዓመት ነው። በፈረንጆቹ ከ1994 እስከ 2007 ደግሞ 13። ትክክለኛው ግን ከጥቅምት 1 እስከ ግንቦት 21፣ 12 ዓመት ከ7 ወር ከ20 ቀን ነው። በ12 ካሰላን 1.37 በመቶ ይወጣል። በ13 ካሰላን 1.26። በትክክለኛው ጊዜ 1.3 በመቶ ነው። ለዓመታዊ ዕድገት ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም።

1.3 በመቶ የአገሪቱ ዕድገት ግማሽ ነው። ዞኑ በአገር አቀፉ ፍጥነት አድጎ ቢሆን በ1999 ወደ 2,160,000 ሰው ይኖረው ነበር። ከተቆጠረው ጋር የ320 ሺህ ያህል ሰው ልዩነት አለው። ይህ ሕዝብ የት ሄደ?

በጊዜው የተሰጡት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹ ወሊድ ቀንሷል፣ ሰው ፈልሷል የሚሉ ነበሩ። ሁለቱንም በሌላ መረጃ መፈተሽ ይቻላል። በ1997 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በአማራ ክልል አንዲት ሴት በአማካይ 5.1 ልጅ ትወልዳለች። አገር አቀፉ 5.4 ነበር። ልዩነት አለ፤ ግን የዕድገት ፍጥነትን በግማሽ የሚቀንስ አይደለም። ወሊድ በግልጽ የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። በ2003 የክልሉ 4.2፣ በ2008 ደግሞ 3.7 ሆኗል።

ፍልሰቱስ? ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ናት። የሸዋ ልጅ ለሥራ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያስባት እሷን ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል ከ2,112,737 ወደ 2,739,551 ነው ያደገችው። ጠቅላላ ጭማሪዋ 627 ሺህ ያህል ነው። በዚህ ውስጥ እዚያው የተወለዱ ሕፃናትና ከመላ አገሪቱ የመጡ ሰዎች ሁሉ አሉ። የሰሜን ሸዋን 320 ሺህ አዲስ አበባ ወሰደችው ካልን፣ የከተማዋን ጭማሪ ግማሽ አንድ ዞን ብቻውን ሞላው ማለት ነው። ይህ አያስኬድም።

ስለዚህ በዚህ ጸሐፊ እምነት የጎደለው ቁጥር በሙሉ በወሊድና በፍልሰት አይሸፈንም። ከፊሉ ሳይቆጠር የቀረ ሰው ነው። ሌላም ሊታይ የሚገባ ነገር አለ። ዕድገት የሁለት ቆጠራዎች ልዩነት ነው። የ1987ቱ ከፍ ብሎ ተቆጥሮ ከሆነም የ1999 ዕድገት ዝቅ ብሎ ይታያል። ሁለቱን ቁጥሮች ብቻ ይዞ ስህተቱ የቱ ጋ እንደሆነ መለየት አይቻልም። የሚለየው ቆጠራው እንዳለቀ የተወሰኑ የቆጠራ ቦታዎችን በሌላ ቡድን እንደገና ቆጥሮ፣ ስም በስም በማመሳከር ነው።

ይህ ሁሉ ዛሬ ለምን ያስጨንቃል? የ1999 ቁጥር የትንበያው መነሻ ስለሆነ ነው። ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ እስከ 2037 እ.ኤ.አ. የሚደርስ የክልል ትንበያ አውጥቷል። ለወረዳዎችም ከ2014 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. የሚሆን አለ። እኛ በቀላሉ እንሞክረው። 1,837,490ን ከግንቦት 1999 እስከ ግንቦት 2017 ዓ.ም. ለ18 ዓመት እናሳድገው። በዞኑ የራሱ 1.3 በመቶ 2.32 ሚሊዮን ይሆናል። በክልሉ 1.7 በመቶ 2.49 ሚሊዮን። በአገር አቀፉ 2.6 በመቶ 2.92 ሚሊዮን። መነሻው አንድ ሆኖ በ600 ሺህ ሰው ተለያየ። መግቢያው ላይ ያየናቸው የተለያዩ መልሶች የሚመጡት ከዚህ ነው። ማንኛውንም የዞኑን ቁጥር ሲያገኙ ለ1,837,490 ያካፍሉት። ውጤቱን ከ1999 እስከ ቁጥሩ ዘመን ካሉት ዓመታት ጋር ሲያዩት በየትኛው የዕድገት መጠን እንደተሰላ ይታያል።

ቁጥሩ አካፋይ ሲሆን ጉዳቱ ጎልቶ ይወጣል። የጤና ጽሕፈት ቤት የክትባት ሽፋንን ሲያሰላ የተከተቡትን ሕፃናት ከአንድ ዓመት በታች ይኖራሉ ተብለው ለተገመቱት ያካፍላል። ግምቱ የጠቅላላው ሕዝብ ጥቂት በመቶ ነው። ለምሳሌ በትንበያ 100 ሺህ ሕዝብ አለው የተባለ ወረዳ እናስብ። ሕፃናቱን በ3 በመቶ ብንወስድ 3,000 ናቸው። ጤና ኬላዎቹ 3,150 ከተቡ። ሽፋኑ 105 በመቶ ሆነ። የወረዳው እውነተኛ ሕዝብ 120 ሺህ ቢሆን ግን ሕፃናቱ 3,600፣ ሽፋኑም 87.5 በመቶ ነው። ያልተከተቡ 450 ሕፃናት አሉ፤ ሪፖርቱ ግን አንድም አልቀረም ይላል። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ሲታይ ብዙ ጊዜ ጣት የሚቀሰረው በጤና ሠራተኛዋ ላይ ነው፤ አጋንናለች ተብሎ። የተጋነነ ሪፖርት ይኖራል፤ አይካድም። ግን አካፋዩም ይመርመር። መለያ ዘዴው ቀላል ነው። በዚያው ወረዳ በተከታታይ ዓመታት ሁሉም ዓይነት ክትባት አብሮ ከመቶ በላይ ከሆነ አካፋዩ አንሷል ማለት ይቀናል። በአንድ ወር ወይም በአንድ ኬላ ብቻ ከዘለለ መዝገቡን ሄዶ ማየት ነው።

የድንበር ነገርም አለ። በ1987 «ጌራ ምድርና ቀያ ገብርኤል» የሚባል አንድ ወረዳ ነበር። በ1999 መንዝ ጌራ ምድርና መንዝ ቀያ ገብርኤል ተብሎ ሁለት ሆኗል። የመጀመሪያውን ከአንዱ ብቻ ጋር የሚያነጻጽር ሰው ሕዝቡ በአሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ የተመናመነ ይመስለዋል። ሁለቱን ደምሮ ማነጻጸር ነው። ደብረ ብርሃንም በኋላ ሰፍታ በዙሪያዋ ካለው ባሶና ወራና ቀበሌዎችን ጨምራለች፤ አስተዳደሯም ከዞኑ ተለይቷል። የዞኑን አዲስ ቁጥር የሚያይ ሰው ከተማዋ ውስጡ አለች ወይ ብሎ መጠየቅ አለበት።

ትንበያው የማያውቀው ሌላም ነገር ደርሷል። አጣዬ በ2013 ተቃጠለች። በ2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። ከሌላ አካባቢ የተፈናቀሉ ወገኖች ደግሞ ደብረ ብርሃን ውስጥ በመጠለያ ተቀመጡ። የ1999 ቁጥር ሰውን በየቤቱ እንደተቀመጠ አድርጎ ነው ወደፊት የሚገፋው። ስለዚህ አጣዬ ላለችበት ለኤፍራታና ግድም ወይም ለደብረ ብርሃን የእርዳታ እህል የሚያሰላ ሰው የተፈናቃዮችን ምዝገባ ከትንበያው ለይቶ በሌላ ዓምድ ማስቀመጥ አለበት። ምዝገባውም ዳቦና ዱቄት ስለሚታደልበት የራሱ ግፊት ያለበት መረጃ ነው። ሁለቱን ዝም ብሎ መደመር አንዱን ሰው አጣዬም ደብረ ብርሃንም እንዲቆጠር ያደርጋል።