ሰው ሠራሽ ማጣፈጫዎችና ስኳር፦ ደህንነትና የምግብ ፍላጎት

ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ በጥቂቱ ብቻ ገብቶ የስኳርን ጣዕም የሚሰጥ፣ ካሎሪው ግን ከቁጥር የማይገባ ንጥረ ነገር ነው። አንድ 330 ሚሊ ሊትር ባለ ስኳር ለስላሳ መጠጥ 35 ግራም ገደማ ስኳርና 140 ያህል ካሎሪ ይይዛል። አስፓርታም ከስኳር 200 ጊዜ ያህል ስለሚጣፍጥ ለዚያው ጣዕም ሲሶ ግራም እንኳ አያስፈልግም። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቀዳሚው ሳካሪን ነው። በ1879 በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ኬሚስት ኮንስታንቲን ፋልበርግ ለእራት ተቀምጦ የያዘው ዳቦ ሲጣፍጠው፣ ጣዕሙ ከቤተ ሙከራ በእጁ ይዞት የመጣው መሆኑን ደረሰበት። በ1970ዎቹ ሳካሪን በብዛት የተመገቡ ወንድ አይጦች የፊኛ ዕጢ ስላወጡ፣ በአሜሪካ በ1977 እገዳ ታስቦ በማስጠንቀቂያ ጽሑፍ ተተካ። በኋላ እንደታወቀው በወንድ አይጥ ሽንት ውስጥ ደቃቅ ዝቃጭ እየተፈጠረ የፊኛውን ግድግዳ ይፍቃል፤ በሰው ሽንት ይህ አይሆንም። ማስጠንቀቂያው የተነሳው በ2000 ነው።

አስፓርታምን በ2023 ሁለት አካላት መረመሩት። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚባሉት ምድብ አስገባው፤ ማስረጃው ግን ውስን መሆኑን ገልጿል። ይህ ኤጀንሲ የሚጠይቀው ነገሩ ካንሰር የማምጣት ባሕርይ አለው ወይ ብሎ እንጂ ስንት ቢወሰድ ነው ብሎ አይደለም። መጠኑን የሚመለከተው የምግብ ጭማሪዎች ኮሚቴ በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት እስከ 40 ሚሊ ግራም የሚለውን ወሰን ሳይነካ ተወው። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ይህ 2,800 ሚሊ ግራም ይሆናል፤ በአንድ ጣሳ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ግራም ካለ፣ ወሰኑን ለማለፍ ከ9 እስከ 14 ጣሳ በላይ መጠጣት ይጠይቃል። ፊኒልኬቶኑሪያ የሚባለው የዘር በሽታ ያለባቸው ግን ከአስፓርታም መራቅ አለባቸው።

የምግብ ፍላጎት ጉዳይ ገና አከራካሪ ነው፤ ማጣፈጫው ከምን ጋር እንደተነጻጸረ ማየትም ይገባል። በኔዘርላንድስ በ2012 የወጣ ጥናት 641 ሕፃናትን ለ18 ወራት በየቀኑ 250 ሚሊ ሊትር መጠጥ አጠጣ፤ የትኛው ባለ ስኳር እንደሆነ ልጆቹ አያውቁም ነበር። ባለ ስኳሩን የጠጡት በአማካይ 7.37 ኪሎ፣ በሰው ሠራሽ ማጣፈጫ የተሠራውን የጠጡት ደግሞ 6.35 ኪሎ ጨመሩ። የቀረውን ካሎሪ በሌላ ምግብ ሙሉ በሙሉ አላካካሱትም ማለት ነው። በሌላ በኩል፣ በ2025 በ75 ሰዎች ላይ የተደረገ ሙከራ ሱክራሎዝ የተባለው ሌላ ሰው ሠራሽ ማጣፈጫ ከስኳር ይልቅ የረሃብ ስሜትን እንደሚጨምርና ረሃብን በሚቆጣጠረው የአንጎል ክፍል የደም ፍሰትን ከፍ እንደሚያደርግ አሳየ። ስኳር የጥጋብ ሆርሞኖችን ሲቀሰቅስ ሱክራሎዝ አልቀሰቀሰም። ሙከራው ግን የለካው ከአንድ ብርጭቆ በኋላ ያለውን ጊዜ እንጂ የወራት ክብደትን አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ማጣፈጫዎች ለክብደት መቆጣጠሪያ እንዳይውሉ መክሯል፤ ምክሩ የስኳር ሕመምተኞችን አይመለከትም። ከክብደት መጨመር ጋር ያያያዛቸው በአብዛኛው የረጅም ጊዜ ምልከታ ነው፤ እዚያ ደግሞ ቀድሞውኑ የወፈሩ ሰዎች ስኳር አልባውን መጠጥ መርጠው ሊሆን ስለሚችል፣ መንስኤውንና ውጤቱን መለየት ያስቸግራል።