ፊት መዋስ ምንድን ነው? በቡድን ፎቶ ላይ የተጨፈነን ዓይን በሌየርና በማስክ መክፈት

የሚያዝያ ሰርግ ሲደራ ደሴ ውስጥ ፎቶ ቤት የሚሠራ ሰው የሚለምደው አቤቱታ አለ፦ «ሁሉን አሳምረህ እኔን ብቻ አስተኝተኸኛል!» አቤቱታው እውነት ነው፤ ጥፋቱ ግን የማንም አይደለም። ሰው ሲበዛ አንዱ ዓይኑን ሲገልጥ ሌላው ይጨፍናል። ይህን ቁጭ ብለው ያሰሉትም አሉ። በአውስትራሊያው ብሔራዊ የሳይንስ ምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ኒክ ስቬንሰንና ፒርስ ባርንስ፣ ማንም ያልጨፈነበት አንድ ፎቶ ለማግኘት ስንት ጊዜ ማንሳት እንደሚያስፈልግ አስልተው መጀመሪያ የሚያስቅ፣ ቀጥሎ የሚያሳስብ ምርምር የሚሸለምበትን የኢግ ኖቤልን የሂሳብ ሽልማት በ2006 እ.ኤ.አ. ወስደዋል። ቀመራቸው በቃል የሚያዝ ነው፦ ሰዎቹ ከ20 ካነሱና ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ቁጥራቸውን ለሦስት ማካፈል፣ ብርሃኑ ደካማ ከሆነ ለሁለት። 14 ሰው በቀን ብርሃን ከቆመ አምስት ጊዜ ማንሳት ነው።

ቀመሩ ግን የሚያስበው ስለ ዓይን ብቻ ነው። ሁሉም ዓይን በተገለጠበት ፍሬም ላይ ሙሽራዋ ወደ ጎን ዞራ፣ ሕፃኑ አፍንጫውን እየነካካ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ባለሙያው ከአምስቱ ውስጥ በጠቅላላው ያማረውን መሠረት ያደርግና የጨፈነውን ሰው ፊት ከሌላው ፍሬም ይዋሳል። ፊት መዋስ የምንለው ይህንን ነው። ፊቱ የዚያው ሰው፣ ከዚያው ቦታ፣ ከጥቂት ሰከንዶች በፊት ወይም በኋላ የተነሳ ነው። ከሌላ ቀን ፎቶ ለማምጣት የሚሞክር አለ፤ ብዙውን ጊዜ አያዋጣም። የብርሃኑ አቅጣጫ ይለያል፤ ካሜራው የቆመበት ርቀትም ይለያል። ከቅርብ የተነሳ ፊት አፍንጫው ገፍቶ ጆሮው ወደ ኋላ ይሸሻል፤ ያንን ከሩቅ በተነሳ አካል ላይ ቢያስቀምጡት፣ ምክንያቱን መናገር የማይችል ሰው እንኳ «ምን ሆናለች?» ይላል።

ሥራው የሚቆመው በሁለት ነገሮች ላይ ነው። ሌየር ማለት አንዱ ፎቶ በሌላው ላይ ተደርቦ መቀመጡ ነው፦ መሠረቱ ከታች፣ የተዋስነው ከላይ። ማስክ ደግሞ ከላይኛው የትኛው ክፍል እንዲታይ የሚወስን ጥቁርና ነጭ ሥዕል ነው። ማስኩ ነጭ በሆነበት የላይኛው ፎቶ ይታያል፣ ጥቁር በሆነበት ይደበቃል፣ ግራጫ በሆነበት ሁለቱም በከፊል ይታያሉ። ቀዳዳ የወጣለት ካርቶን በፎቶ ላይ እንደማስቀመጥ ነው፤ ልዩነቱ ቀዳዳውን በፈለጉት ጊዜ መልሰው መድፈን መቻልዎ ነው። በማጥፊያው፣ በ Eraser የሚሠራ ሰው ያጠፋው ይቀርበታል። ማስክ ግን ይደብቃል እንጂ አያጠፋም።

አንድ ፎቶ ይዘን እንሂድ። ጦሳ ተራራ ከኋላ እንዲታይ ተብሎ 14 ዘመድ በሁለት ረድፍ ቆሟል። ሦስተኛው ፍሬም ከሁሉ ይሻላል፤ ግን ከኋላ ረድፍ የቆሙት የሙሽራው አክስት ጨፍነዋል። በአራተኛውና በአምስተኛው ዓይናቸው ተገልጧል። በአምስተኛው ፈገግታቸው ያምራል፤ ነገር ግን በመሃሉ ደመና ፀሐይዋን ሸፍኗል። በበልግ ሰሞን ደሴ ላይ ይህ ያለ ነው፤ ፀሐዩ ሁለት ፍሬም ሳይነሳ ይለወጣል። በአራተኛው ፈገግታው ቀዝቀዝ ያለ ቢሆንም ፀሐዩ አንድ ነው። የምንዋሰው ከአራተኛው ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይከራከራል። «ጨለም ያለ ከሆነ እናበራዋለና!» ይላል። ብርሃን መጨመር ቀላል ነው፤ የጥላ ዳርቻ መለወጥ ግን አይቻልም። በፀሐይ ከአፍንጫ ሥርና ከአገጭ ሥር የሚወድቀው ጥላ ዳርቻው የተቆረጠ ነው፤ በደመና ጊዜ ጥላው ይሟሟል። ለስላሳ ጥላ ያለበትን ፊት ጥላቸው ስለታም በሆነ 13 ሰዎች መካከል ካስቀመጡት፣ የቱንም ያህል ቢያበሩት እሳቸው ብቻ ቤት ውስጥ የተነሱ ይመስላሉ። ስለዚህ ፍሬም ሲመረጥ ቅድሚያው ለፈገግታው ሳይሆን ለብርሃኑ ነው።

ሁለቱን ፎቶዎች በአንድ ፋይል ውስጥ ከደረብን በኋላ ማገጣጠም ይመጣል። ፎቶሾፕ ላይ ሁለቱንም ሌየር መርጦ `Edit > Auto-Align Layers` ማለት፣ ከአማራጮቹም `Reposition` መውሰድ ይበቃል፤ ይህ ምስሉን ሳይለጥጥ ቦታውን ብቻ ያስተካክላል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከነበረ የሚቀር ነገር የለም ማለት ይቻላል። በእጅ ከተነሳ ግን አንድ ወጥመድ አለ። ፕሮግራሙ ሁለቱን ፎቶዎች የሚያዛምደው በሁለቱም ላይ የሚመሳሰሉ ነጥቦችን ፈልጎ ነው። ሰዎቹ ይንቀሳቀሳሉ፤ ተራራው፣ አጥሩና መስኮቱ አይንቀሳቀሱም። አንሺው በመሃሉ ግማሽ እርምጃ ወደ ጎን ከሄደ ቅርቡና ሩቁ እኩል አይሸሹም፤ በዚያ ጊዜ ጦሳ በጦሳ ላይ ልክ ይቀመጥና ሰዎቹ ፈንጠር ይላሉ። እኛን የሚያስፈልገን ደግሞ ተራራው ሳይሆን የአክስትየዋ ትከሻ ነው።

ስለዚህ ከሥሩ ያለው እንዲታይ የላይኛውን ሌየር `Opacity` ወደ 50% አውርደን፣ በ `Ctrl+T` ይዘን፣ የተዋስነውን ራስ ከታችኛው አንገትና ትከሻ ጋር በእጃችን እናገናኛለን። መጠኑም ይታያል፤ ሰውየው ጎንበስ ካለ ወይም አንሺው ጠጋ ካለ ራሱ በጥቂቱ ሊተልቅ ይችላል። ዓይን ለዓይን ለማግጠም አይቸኩሉ፤ የጨፈነ ሰው ብዙውን ጊዜ ራሱንም ትንሽ አዘንብሏል። አንገት ላይ ልክ ከተቀመጠ ዓይኑ ራሱ ቦታውን ያገኛል።

ከዚያ `Opacity` ወደ 100% ይመለስና `Alt` ተጭኖ የማስክ ምልክቱን መንካት ነው። ማስኩ ጥቁር ሆኖ ይመጣል፤ የተዋስነው ፎቶ ጨርሶ ይሰወራል። በነጭ ብሩሽ ፊቱን ስንቀባ አክስትየዋ ዓይናቸውን ይገልጣሉ። `X` ን መጫን ነጩንና ጥቁሩን ያለዋውጣል፤ የበዛውን በጥቁር መመለስ ነው።

ሙያው ያለው ግን ቀለሙ የት ላይ ይቁም በሚለው ነው። ዓይኖቹን ብቻ ቀብቶ መተው ያጓጓል። የሚሠራውም ራሱ ፈጽሞ ካልተንቀሳቀሰ ነው። ራሱ ትንሽ ከዞረ ዓይኑ ወደ አንድ ጎን፣ አፍንጫው ወደ ሌላ ይሆናል፤ ሲስቅ የሚሸበሸበው ጉንጭ ደግሞ ከታች ይቀርና የማይስቅ ዓይን በሚስቅ አፍ ላይ ይቀመጣል። የእኛ አክስት ራሳቸውን አዘንብለዋል፤ ስለዚህ ሙሉውን ፊት እንወስዳለን። መጋጠሚያውን ጉንጭ መሃል ላይ አናሳልፈውም። በጠራ ቆዳ ላይ ትንሿ የቀለም ልዩነት ትጋለጣለች። ፎቶው ራሱ መስመር ባለበት ቦታ ብንወስደው ግን ማንም አያየውም። የነጠላው ዳርቻ ፊታቸውን ከብቦ ይወርዳል፤ እሱ ነው መንገዳችን። ከግንባር ላይ በነጠላው ውስጠኛ ጠርዝ ወርደን፣ ከአገጭ ሥር ባለው ጥላ ውስጥ አልፈን፣ በሌላው ጎን እንወጣለን። ነጠላው ራሱ የታችኛው ፎቶ ሆኖ ይቀራል፤ እንደገና ሲያስተካክሉት ጥለቱ ቦታ ስለሚለውጥ እሱን መዋስ ሌላ ጣጣ ነው።

ከፊት ለፊታቸው ደግሞ አንድ ልጅ ቆሟል፤ ፀጉሩ የአገጫቸውን ጫፍ ይነካል። በአራተኛው ፍሬም ልጁ ራሱን አንቀሳቅሷል። ብሩሹ ሳይጠነቀቅ ወደ ታች ከወረደ የልጁ ፀጉር ሁለት ጊዜ ይታያል። እዚያ ጋ ብሩሹን አሳንሶ፣ ጥንካሬውን ወይም `Hardness` ን ከፍ አድርጎ፣ የታችኛውን የልጁን ፀጉር በጥቁር መመለስ ያስፈልጋል። ደንቡ ይህ ነው፦ በቆዳና በጥላ ውስጥ ለስላሳ ብሩሽ፣ ስለታም ጠርዝ ባለበት ጠንካራ ብሩሽ። ብሩሹ ከፎቶው ጠርዝ በላይ ከለሰለሰ በፊቱ ዙሪያ ጭጋግ የመሰለ ነገር ይቀራል።

ሌላው የተለመደ ስህተት የብሩሹን `Opacity` ዝቅ አድርጎ ደጋግሞ መቀባት ነው። ፊቱ ያለቀ ይመስላል፤ ማስኩ ግን መሃሉ ላይ ግራጫ ነው፣ የታችኛው የተጨፈነ ዓይንም ከሥር ይታያል። ሽፋሽፍቱ ድርብ ይሆናል፣ ቅንድቡ ይወፍራል። ለማወቅ `Alt` ተጭኖ የማስኩን ትንሽ ሥዕል መንካት ነው፤ ማስኩ ብቻውን በጥቁርና ነጭ ይታያል። ፊቱ መሃል ንጹሕ ነጭ መሆን አለበት፤ ግራጫ የሚፈቀደው ዳር ላይ ብቻ ነው።

ቀለሙ በጥቂቱ ከተለየ በተዋስነው ሌየር ላይ ብርሃንና ቀለም የሚያስተካክለውን `Curves` ጨምረን በ `Ctrl+Alt+G` ከእሱ ጋር ብቻ እናያይዘዋለን፤ ያለዚያ መላውን ፎቶ ይለውጠዋል። ይህ ልዩነት አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው ካሜራው የነጭ ቀለም ሚዛንን፣ `White Balance` ን፣ በየፍሬሙ በራሱ ሲመርጥ ነው። ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል፣ በ RAW የሚያነሳ ሰው ሁለቱን ፍሬሞች ገና ሳይደርብ አንድ ዓይነት ማስተካከያ ቢሰጣቸው ይህን ደረጃ ይዘለዋል።

ሲያልቅ በ 200% አጉልቶ ሲመለከቱ መቆየት ያደነዝዛል። ወደሚታተምበት መጠን ማሳነስ፣ ከዚያም በ `Flip Canvas Horizontal` ፎቶውን ግራና ቀኝ ማገላበጥ ይረዳል፤ ዓይናችን የለመደው ሲዛባ የተሰወረው መጋጠሚያ ይወጣል። እጆችንም መቁጠር ነው። ያለ ቀልድ፤ ትከሻ ላይ የተቀመጠ ትርፍ ጣት ይዞ የታተመ ፎቶ ያየ ያውቀዋል።

ይህ ሥራ የቤተሰብ ፎቶ ላይ ነው። ለዜና የተነሳ ፎቶ ላይ ግን ክልክል ነው፤ በዚያች ቅጽበት የነበረው እንዳለ መታየት አለበት።

ፋይሉን ለማተሚያ በ JPEG፣ ለራስ ደግሞ ሌየሮቹን እንዳሉ በሚያቆየው የፎቶሾፕ ፋይል፣ በ PSD ማስቀመጥ ነው። JPEG ሌየሮቹን አንድ አድርጎ ያቀልጣቸዋል። አክስትየዋ ፎቶውን አይተው «ያችኛዋን ፈገግታዬን ለምን ተውካት?» ካሉ ከማስኩ መቀጠል የሚቻለው PSD ው ካለ ብቻ ነው፤ ያኔም ስለ ደመናው ማስረዳት ይኖርብዎታል።