ኢአርክ፣ አትሞስና የሳሎናችን ኮርኒስ

አዲስ ቲቪ ከካርቶን ሲወጣ ከኋላው ያሉትን የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች እዩ። በአንዱ ላይ eARC ተብሎ ተጽፏል። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ጽሑፍ ያለበት አንድ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሌሎቹ ምስልና ድምጽ ወደ ቲቪው ያስገባሉ። በዚህኛው ግን ድምጽ ከቲቪው ወጥቶ ወደ ሳውንድ ባር ወይም ወደ አምፕሊፋየር ይሄዳል። ዲኮደሩም፣ ጌሙም፣ ቲቪው ላይ የተጫነው ኔትፍሊክስም በአንድ ገመድ ይሰማሉ ማለት ነው።

ታላቅ ወንድሙ አርክ እ.ኤ.አ. በ2009 ከኤችዲኤምአይ 1.4 ጋር መጣ። መንገዱ ጠባብ ነው። ድምጹ ካልታመቀ ሁለት የድምጽ ቻናል፣ ማለትም ግራና ቀኝ ብቻ ያሳልፋል፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ታምቆ መምጣት አለበት። ከኤችዲኤምአይ 2.1 ጋር የመጣው ኢአርክ በሰከንድ እስከ 37 ሜጋቢት ይሸከማል። ይህ ቁጥር ዝም ብሎ አልመጣም። ስምንት ቻናል፣ እያንዳንዱ 24 ቢት፣ በሰከንድ 192,000 ጊዜ ሲለካ 36.9 ሜጋቢት ገደማ ይሆናል። ምንም ሳይታመቅ ያልፋል ማለት ነው።

አትሞስ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ገመድ ወይም ቀዳዳ ሳይሆን የዶልቢ ኩባንያ የድምጽ አሠራር ነው። አምስት ስፒከርና አንድ የቤዝ ስፒከር ባለው በድሮው 5.1 አሠራር የትኛው ድምጽ ከየትኛው ስፒከር እንደሚወጣ አስቀድሞ ስቱዲዮ ውስጥ ይወሰናል። በአትሞስ ግን የሄሊኮፕተሩ ድምጽ ለብቻው ይቀመጥና «አሁን ከላይ በስተግራ ነኝ» የሚል መረጃ ይለጠፍበታል። ቤታችሁ ያለው መሣሪያ ስንት ስፒከር እንዳለው አይቶ ድምጹን ራሱ ያከፋፍላል። ዶልቢ ይህን እ.ኤ.አ. በ2012 ለሲኒማ ቤቶች፣ በ2014 ደግሞ ለመኖሪያ ቤት አወጣው። ካርቶን ላይ 5.1.2 የሚል ካያችሁ የመጨረሻው ቁጥር ከላይ ለሚመጣው ድምጽ የተመደቡ ስፒከሮች ናቸው።

ሰው የሚሳሳተው ኢአርክንና አትሞስን አንድ አድርጎ ሲያይ ነው። ከኔትፍሊክስ የሚመጣው አትሞስ የታመቀ ነው፤ ቢበዛ በሰከንድ 768 ኪሎቢት። በድሮው አርክም ሊያልፍ ይችላል። ብሉሬይ ላይ ያለው፣ ጥራቱ ሳይቀንስ የሚመጣው ትሩኤችዲ አትሞስ ግን ሰፊ መንገድ ስለሚፈልግ በአርክ አያልፍም። ፕሌይስቴሽን 5 ያልታመቀ 5.1 እንዲያወጣ ስታደርጉትም በአርክ ሲመጣ ወደ ስቴሪዮ ይወርዳል። ስለዚህ ፊልም በኢንተርኔት ብቻ የምታዩ ከሆነ ለኢአርክ ብላችሁ ደህና ቲቪ አትቀይሩ። ብሉሬይ ወይም ጌም ካለ ግን ልዩነቱ ይሰማል። አብዛኛው የዩቲዩብ ቪዲዮና የሳተላይት ቻናል ስቴሪዮ ስለሆነ በየትኛውም ገመድ አትሞስ አይሆንም።

እኔ ራሴ መጀመሪያ ቀን ተሸውጃለሁ። ገመዱ ትክክለኛው ቀዳዳ ላይ ነው፣ ፊልሙ አትሞስ አለው፣ ሳውንድ ባሩ ላይ የሚታየው ግን PCM፣ ማለትም የአትሞስ መረጃ የሌለው ተራ ድምጽ ነው። ድምጹ ይሰማል፣ ግን ፊት ለፊት ተጣብቆ ቀርቷል። ጥፋቱ የቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ነበር። የዲጂታል ድምጽ መውጫው PCM ላይ ነበር፤ ድምጹን ሳይነካ ወደሚያሳልፈው Pass Through ቀየርኩት። eARC የሚለውም ጠፍቶ ነበር፤ እሱንም አበራሁት። ቲቪውንና ሳውንድ ባሩን ከሶኬት ነቅዬ መልሼ ሰካሁ። ያኔ Dolby Atmos የሚል ጽሑፍ መጣ። ይህ ጽሑፍ ካልመጣ በጆሮ ብቻ አትፍረዱ። ኔትፍሊክስ ላይ ከሆነ ደግሞ ሴቲንግ ከመነካካት በፊት የክፍያ ፓኬጁን እዩ፤ አትሞስ ያለው ውድ በሆነው ፕሪሚየም ላይ ነው።

ገመዱም ቢሆን አሮጌ ከሆነ ያስቸግራል። ኢአርክ በኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ ለኢተርኔት የተመደቡትን ሽቦዎች ስለሚጠቀም እነሱ የሌሉበት ገመድ አይሠራም። Ultra High Speed የሚል ከገዛችሁ ጣጣ የለውም።

አንድ ነገር ደግሞ ሻጮች አይነግሯችሁም። ብዙ ሳውንድ ባሮች የላይኛውን ድምጽ የሚሰጡት ወደ ላይ ተኩሰው ከኮርኒስ በማንጠር ነው። ለዚህ ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ያስፈልጋል፤ ከፍታውም ከ2.3 እስከ 3.7 ሜትር አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነ ጨርቁ ድምጹን ይውጠዋል። ጣሪያው ያዘመመ ከሆነ ድምጹ ወደ ሶፋው ሳይሆን ወደ ሌላ አቅጣጫ ይነጥራል። እንዲህ ባለ ቤት ለ5.1.2 የሚወጣውን ብር ከኋላ የሚቀመጡ እውነተኛ ስፒከሮች ባሉት ተራ 5.1 ላይ ባውለው እመርጣለሁ።