ፊድፎርዋርድ ኮንትሮል ላይ የሚባሉ የተሳሳቱ ነገሮች እና እውነታው

ፊድፎርዋርድ ማለት ረብሻውን መውጫው ላይ እስኪታይ ሳይጠብቁ ለክቶ ቀድሞ ማስተካከል ነው፣ ፊድባክ ደግሞ መውጫውን አይቶ ማረም። ሁሉንም በአንድ ምሳሌ እንየው። በስቲም ውሃ የሚያሞቅ ሂት ኤክስቼንጀር አለን፣ ውሃው በ20 ዲግሪ ይገባል፣ በ70 እንዲወጣ ነው የምንፈልገው። ፒአይዲው መውጫው ላይ ያለውን ሴንሰር እያየ ስቲሙን ይጨምራል ይቀንሳል። ችግሩ ከዚያ ቀጥሎ ያለው ማሽን በተነሳ ቁጥር የውሃው ፍሰት በሰከንድ ከ2 ኪሎ ወደ 3 ኪሎ ባንዴ ይዘላል።

"ፒአይዲው በደንብ ቱን ከተደረገ ፊድፎርዋርድ ትርፍ ነገር ነው"

ፒአይዲ ስህተት ሳያይ አይንቀሳቀስም፣ ስህተት ሲያይ ደግሞ ቀዝቃዛው ውሃ ቀድሞ ወጥቷል ማለት ነው። ስቲሙ ባለበት ቢቆይ መውጫው ወደ 53 ዲግሪ አካባቢ ነበር የሚወርደው፣ ስለዚህ ቀላል ረብሻ አይደለም። ቫልቩ ተከፍቶ ሴንሰሩ እስኪሰማው 15 ሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ ደግሞ ምንም ያህል ቱን ብታደርጉት እነዛ 15 ሰከንዶች አይመለሱም፣ ጌይኑን ስትገፉት ሉፑ መወዛወዝ ይጀምራል እንጂ። ፍሎሜትሩ ግን ለውጡን ወዲያው ያያል፣ የሚያስፈልገውን ስቲም ደግሞ ከሙቀት ሂሳብ ማውጣት ይቻላል፦

```
Ws_sp = W * 4.18 * (T_sp - T_in) / 2163 + PID
```

Ws_sp የስቲሙ ፍሰት ሴትፖይንት፣ W የውሃው ፍሰት፣ T_sp የምንፈልገው 70፣ T_in የመግቢያው 20 ነው፣ 2163 ደግሞ የ3 ባር (አብሶሉት) ስቲም ወደ ውሃ ሲመለስ በኪሎ የሚለቀው ኪሎጁል ነው። ውጤቱ በሰከንድ ስለሆነ በ3600 ስናባዛው ውሃው 2 ኪሎ ሲሆን በሰዓት 696 ኪሎ ስቲም፣ 3 ሲሆን 1044 ኪሎ ይመጣል። ውጤቱን ለቫልቩ በቀጥታ አትስጡት፣ ለስቲም ፍሎ ሉፕ ሴትፖይንት አድርጉት፣ ምክንያቱም የቫልቩ መክፈቻ ግማሽ ሲሆን ፍሰቱ ግማሽ ነው ማለት አይደለም፣ የስቲሙ ግፊትም ከፍ ዝቅ ይላል።

እርግጥ ሉፑ ፈጣን ከሆነ፣ ወይ ረብሻው ቀስ ብሎ የሚመጣ ከሆነ ፒአይዲ ብቻውን ይበቃል። የመግቢያው ውሃ ከጠዋት እስከ ማታ ሁለት ዲግሪ ቢሞቅ ለሱ ብሎ አዲስ ሴንሰር መግዛት ብር ማባከን ነው፣ T_in ላይ ቋሚ 20 ጻፉና እለፉት።

"ፊድፎርዋርድ ካለ ፊድባክ አያስፈልግም"

ፊድፎርዋርድ የሚያውቀው የለካውን ብቻ ነው። ወደ ውጭ የሚባክን ሙቀት፣ ስቲሙ ውስጥ ያለ እርጥበት፣ የፍሎሜትሩ ካሊብሬሽን መዛባት፣ እነዚህ ፎርሙላው ውስጥ የሉም፣ ውሃው 68 ላይ ተቀምጦ ቢቀርም ፊድፎርዋርዱ ሁሉ ሰላም ነው ብሎ ይቀጥላል። ለዛ ነው መጨረሻ ላይ + PID ያለው።

"ሞዴሉ ትክክል ካልሆነ ከነጭራሹ ባይኖር ይሻላል"

ይሄ ብዙ ሰው ያስፈራል ግን ቁጥሩን እዩት። ፎርሙላችን በ10 ፐርሰንት አሳንሶ ቢያሰላ፣ ከሚያስፈልገው የ348 ኪሎ ጭማሪ 313ቱን ወዲያው ይሰጣል፣ ለፒአይዲ የሚቀርለት 35 ብቻ ነው። በጌይን በኩል ካለመኖሩ የሚብሰው እርማቱ ከሚያስፈልገው እጥፍ ሲበልጥ ወይም አቅጣጫው ሲገለበጥ ነው።

እኔ የበለጠ የምፈራው ጊዜውን ነው። የፍሰቱ ለውጥ መውጫው ላይ በ5 ሰከንድ ደርሶ ስቲሙ 15 የሚወስድበት ከሆነ 10 ሰከንዱን ምንም ፎርሙላ አያተርፈውም፣ ጉድጓዱን ያሳንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። ስቲሙ ቀድሞ የሚደርስ ከሆነ ግን ፊድፎርዋርዱ ላይ ትንሽ ዲሌይ ወይም ሊድ-ላግ ጨምሮ ማስተካከል ይቻላል። የቱ እንደሆነ ለማወቅ ፒአይዲውን ማንዋል አድርጋችሁ ፍሰቱን በትንሹ ጨምሩና ትሬንዱን እዩ፦ ሙቀቱ መጀመሪያ ወደ ላይ ዘሎ ከተመለሰ ቸኩሏል፣ መጀመሪያ ወርዶ ከተመለሰ ዘግይቷል፣ ከ70 ውጪ ሄዶ እዛው ከቀረ ደግሞ ጌይኑ ነው የተሳሳተው። እነዚህን ሳይለዩ ፒአይዲውን መነካካት የጀመረ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲነካካ ይውላል።

"ፊድፎርዋርድ ሉፑን ያናውጣል"

የምትለኩት ረብሻ በራሳችሁ ቫልቭ የማይነካ ከሆነ የሉፑን ስታቢሊቲ አይለውጠውም። የኛ የውሃ ፍሰት ስቲሙ ስለተከፈተ አይቀየርም፣ ስለዚህ ችግር የለም። ውሃው ከመውጫው ወደ መግቢያው የሚዞርበት ሲስተም ላይ T_in ን ብትጠቀሙ ግን ስቲሙ መግቢያውን ያሞቃል፣ መግቢያው ስቲሙን ያዛል፣ ሳታውቁት ሌላ ሉፕ ሠርታችኋል። ያኔ በእርግጥም ሊያናውጥ ይችላል።

ቫልቩ ያለምክንያት የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የፍሎሜትሩ ኖይዝ ነው፣ ሊድ ከበዛ ደግሞ ኖይዙን ያጎላዋል። አንድ ሁለት ሰከንድ ፊልተር ብዙውን ጊዜ ያረጋጋዋል፣ ከዛ በላይ ካበዛችሁት ግን ቀድሞ ማየቱን ራሱ ትበሉታላችሁ።