የድርቅ ጉዳት ማስታወቂያ፦ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ለመድን ሰጪው የሚጽፈው ደብዳቤ

የድርቅ ጉዳት ማስታወቂያ በሰብል መድን የታቀፉ አባላት ማሳቸው በዝናብ እጥረት ሲጎዳ ማኅበራቸው በስማቸው ለመድን ሰጪው የሚልከው ደብዳቤ ነው። ካሳ የሚጠየቅበት ወረቀት ግን አይደለም። የካሳው ጥያቄ በኋላ ምርቱ ሲታወቅ በቅጽ ይሞላል፤ ይህ ደብዳቤ የሚለው «ሰብሉ ገና ማሳ ላይ ቆሞ ሳለ መጥታችሁ እዩ» ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ማኅበር ምርት እስኪሰበሰብ ይጠብቅና በመጨረሻ መድን ሰጪው የሚልከው ገማች የሚያየው ገለባ ብቻ ይሆናል።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚያስፈልገው ዋስትናው በምርት ላይ ሲመሠረት ነው። ማለትም ፖሊሲው፣ የመድን ውሉ ማለት ነው፣ በሄክታር ይህን ያህል ኩንታል ብሎ መነሻ ያስቀምጣል፤ የተገኘው ከዚያ ካነሰ ልዩነቱ ይካሳል። በዝናብ መለኪያ ወይም በሳተላይት መረጃ የሚሠራው የመድን ዓይነት የሚከፍለው መለኪያው ከተወሰነው መጠን በታች ሲወርድ ስለሆነ ማሳው ቢደርቅም ባይደርቅም ደብዳቤው ሒሳቡን አይለውጠውም። እዚያ ማኅበሩ የሚጽፈው ደብዳቤ ቢኖር መለኪያው የሚያሳየውና ማሳው ላይ ያለው አልገጠመም የሚል አቤቱታ ነው።

አስቸጋሪው ነገር ቀኑ ነው። በረዶ ከዘነበ፣ እሳት ከተነሳ ቀኑና ሰዓቱ ይታወቃል፤ ድርቅ ግን ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ፖሊሲው ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ጉዳቱ ከታወቀበት ቀን ጀምሮ በዚህን ያህል ቀን ውስጥ አስታውቁ» ይላል። ስለዚህ ደብዳቤው አንድ ቀን ሳይሆን ሦስት ቀኖች ይዞ ቢሄድ ይመረጣል፦ የመጨረሻው በቂ ዝናብ የጣለበት ቀን፣ ምልክቱ መጀመሪያ የታየበት ቀን፣ የማኅበሩ ኮሚቴ ማሳውን ዞሮ ያረጋገጠበት ቀን። የመጨረሻው በቃለ ጉባኤ መደገፍ አለበት፤ የማስታወቂያው ጊዜ ከየት ይቆጠር የሚል ክርክር ሲነሳ የሚወጣው ሰነድ እሱ ነው።

ምልክቱን በትክክል መግለጽ የሚቻለው ሰብሉን በማወቅ ነው። በቆሎን እንውሰድ። ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ ተጠቅልሎ ማታ ከተዘረጋ ተክሉ ተጠምቷል እንጂ ገና ጉዳት ደረሰ አይባልም። ጠዋት ፀሐይ ሳይወጣ እንደተጠቀለለ ከተገኘ ግን ሌሊቱን ሙሉ ውኃ አላገኘም ማለት ነው። በቆሎ ለውኃ እጥረት በጣም የሚጋለጠው በአበባው ሰሞን ነው፤ በዚያን ጊዜ ሲጠማ የእሸቱ ፀጉር ዘግይቶ ይወጣል፣ ከላይ ያለው የወንዴ አበባ ብናኝ ደግሞ አይጠብቀውም። ውጤቱ ፍሬ የጎደለው ወይም ባዶ ቆረቆንዳ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ዝናብ ቅጠሉን ያረጥበው ይሆናል እንጂ ያልያዘውን ፍሬ አይመልሰውም። ስለዚህ «ሰብሉ ጠውልጓል» ከማለት «በተዘራ በ62ኛው ቀን፣ ፀጉር በማውጣት ላይ ሳለ፣ ለ19 ቀን በቂ ዝናብ አላገኘም» ብሎ መጻፍ ለገማቹ ብዙ ይነግረዋል።

ድርቅ ያልሆነውንም መለየት ያስፈልጋል። የታችኞቹ ቅጠሎች ከጫፋቸው ተነስተው በመሃል አጥንታቸው በኩል ቢጫ ሆነው ወደ ውስጥ ከገቡ መንስኤው የናይትሮጅን እጥረት ሊሆን ይችላል፤ ከድርቅ ጋርም አብሮ ይመጣል። ተምች ያለበት ማሳ ካለ ተምች ብሎ መጻፍ ነው። ፖሊሲው ተባይን የማይሸፍን ከሆነ የዚያ ማሳ ድርሻ ይቀነሳል፤ ግን ገማቹ ራሱ ካገኘው በሌሎቹ ማሳዎች ላይ ያለው እምነትም አብሮ ይቀነሳል።

አንድ ማኅበር እንበል። 46 አባላት 38 ሄክታር በቆሎ አስመዝግበዋል። ፖሊሲው የሚጠብቀው ምርት በሄክታር 30 ኩንታል፣ ዋስትናው 70 በመቶ ነው፤ ስለዚህ መነሻው 21 ኩንታል ይሆናል። ከማሳው 14 ሄክታሩ አሸዋማ ተዳፋት፣ 16ቱ መካከለኛ፣ 8ቱ ረግረግ ያለበት ዝቅተኛ ቦታ ነው። ደብዳቤው «የአባሎቻችን ሰብል በሙሉ ወድሟል» ቢል ገማቹ ዝቅተኛውን ቦታ አይቶ ይገረማል። ሦስቱን ለይቶ ቢጽፍ ግን ግምቱም በሦስት ይካሄዳል።

ግምቱ ከመጣ በኋላ ተዳፋቱ 6፣ መካከለኛው 13፣ ዝቅተኛው 22 ኩንታል ሆነ እንበል። በየቦታው ሲሰላ የተዳፋቱ ባለቤቶች ጉድለት 15 በ21፣ ማለትም 71 በመቶ ገደማ ነው፤ የመካከለኛው 8 በ21፣ ማለትም 38 በመቶ፤ ዝቅተኛው ምንም አያገኝም። ሁሉም በአንድ ላይ ተደምሮ አማካይ ቢወሰድ ግን ምርቱ 12.3 ኩንታል፣ ጉድለቱ 41 በመቶ ይሆናል። ጠቅላላ ካሳው ብዙም አይለያይም፤ የሚለያየው ማን ምን እንደሚያገኝ ነው፤ ከማኅበሩ ውስጥ ጠብ የሚነሳውም እዚህ ላይ ነው። ፖሊሲው ራሱ አማካይ የሚያስላ ከሆነ ይህን ደብዳቤው አይቀይረውም፤ አባላት ከፊርማ በፊት ማወቅ ነበረባቸው።

ከደብዳቤው ጋር የሚያያዘው የአባላት ዝርዝር ከፖሊሲው አባሪ ተገልብጦ መዘጋጀት አለበት እንጂ ከማኅበሩ መዝገብ አይደለም። ስም በአንድ ፊደል፣ የአባት ስም በመተው፣ መሬቱ በሄክታር ፈንታ በሌላ መለኪያ በመጻፉ ብቻ ለሳምንታት የሚቆም ጉዳይ ብዙ ነው። አንድ ሄክታር አስመዝግቦ አንድ ተኩል የዘራ አባል ካለም ከነልዩነቱ ይጻፍ። ከፖሊሲው የመዝሪያ ገደብ በኋላ የዘራውን ወይም በበቆሎ ፈንታ ሌላ ሰብል የዘራውን ቀላቅሎ መላክ ጠቅላላ ዝርዝሩን እንደገና ለማጣራት ይዳርጋል።

የደብዳቤው አካል ራሱ ከአንድ ገጽ ባይበልጥ ጥሩ ነው። ከቀንና ከወጪ ቁጥሩ በታች እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

«ጉዳዩ፦ በፖሊሲ ቁጥር … የተሸፈነ የበቆሎ ሰብል ላይ የደረሰ የድርቅ ጉዳትን ስለማስታወቅ። የ46 አባላት 38 ሄክታር በሦስት ቦታ ተለይቶ በአባሪ 1 ቀርቧል። ጉዳት የታየው በ30 ሄክታር ላይ ነው፤ ቀሪው 8 ሄክታር በአሁኑ ሰዓት ደህና ቢሆንም ክትትል ላይ ነው። ሰብሉ አልታጨደም፣ አልታረሰም። ገማች እንዲላክልን እየጠየቅን፣ የደረቀውን አገዳ ለከብት መኖ ለማጨድ ለሚፈልጉ አባላት ለናሙና የሚቀረውን መስመር ወስናችሁ በጽሑፍ ፈቃድ እንድትሰጡን እናመለክታለን።»

የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ቀላል ትመስላለች። ነገር ግን ከብቱ የተራበበት አባል ገማቹን ሳይጠብቅ ማሳውን ካጨደ ካሳውን ሊያጣ ይችላል። ፈቃዱ ከዘገየ በማሳው ዳርና መሃል ከጫፍ እስከ ጫፍ ጥቂት መስመሮች ሳይነኩ ማቆየት፣ ከመታጨዱም በፊት ቦታው የሚለይበት ፎቶ ማንሳት ያስፈልጋል። ያም ቢሆን ፈቃዱን አይተካም።

ደብዳቤው በሊቀመንበሩ ፊርማና በማኅተም ይወጣል። በእጅ ከተሰጠ ግልባጩ ላይ ተቀባዩ ስሙን፣ ቀንና ሰዓቱን ጽፎ ይፈርማል፤ በኢሜይል ከተላከ የደረሰ ስለመሆኑ መልስ ይጠየቃል። ዝቅተኛው ቦታም በኋላ ከተጎዳ የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቁጥር ጠቅሶ ሁለተኛ ማስታወቂያ መጻፍ ግድ ነው፤ የመጀመሪያው 30 ሄክታር ብሎ ስለነበር ለተቀሩት 8ቱ አያገለግልም።